ከሦስት ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ፦ ለአባት 50ኛ ልደት የሚሆን ንግግር

«አባቴ በሚመጣው ወር 50 ዓመት ይሞላዋል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲያከብር እንድናገር የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የተሰጠኝ ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ ታላቅ ወንድሙ፣ የእናቴም ዘመዶች ይኖራሉ። አባቴ ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ሰው ፊት ሲያመሰግኑት መግቢያ ይጠፋዋል። ሰዉን ማሳቅ እፈልጋለሁ፤ እንዳላሳፍረው ደግሞ እፈራለሁ። የሚያስቅ ነገርማ ሞልቷል፤ ሰው ተቀምጦ መብራት ያጠፋል፣ ስልክ ሲያወራ ይጮኻል፣ መንገድ ቢጠፋበት ሰው አይጠይቅም፣ አንዴም የአጎቴን መኪና ከግንብ ጋር አላትሟል። ማታ ደግሞ ሁላችንም ካልገባን የበሩን መብራት አብርቶ ይጠብቃል እንጂ አይተኛም። ስጽፍ ስጽፍ ሦስት ገጽ ሆነብኝ። የቱን ልተው?»
ትልቋ ልጅ

ውድ ጠያቂያችን፣

መብራቱን ያዢ፤ ሌላውን ሁሉ ተዪው። የሚያስቀውም የሚያስከብረውም እዚያው አንድ ነገር ላይ ስላለልሽ ከዚያ ውጪ የምትጨምሪው ሁሉ ጊዜ ይበላብሻል።

በመጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ረጋ ተብሎ በሚነገር አማርኛ አንድ ደቂቃ የሚይዘው ከ80 እስከ 100 ቃል ገደማ ነው። በእጅ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ ያህል ይሆናል። ይህም ሰዉ ዝም ብሎ ካዳመጠሽ ነው። አንቺ ግን ልታስቂያቸው ነው የምትነሺው፤ አንድ ጥሩ ሳቅ እስኪበርድ ሦስት አራት ሰከንድ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ብርጭቆ እስኪነሳም እንዲሁ። ስለዚህ የጽሑፍሽ ልክ ከ80 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ብቻሽን ሆነሽ ድምፅሽን አውጥተሽ ስታነቢው ከ45 እስከ 50 ሰከንድ መውሰድ አለበት። ብቻሽን አንብበሽ ልክ 60 ሰከንድ ከሞላ፣ ሰው ፊት ከደቂቃ ማለፉ አይቀርም። በዓይን ማንበብ ደግሞ መለኪያ አይሆንም፤ ዓይን ከአፍ በጣም ይፈጥናል።

አሁን ወደ ዘረዘርሻቸው ነገሮች እንምጣ። አራቱም ያስቃሉ፤ ሰው ፊት ግን እኩል አይደሉም።

የመኪናውን ጉዳይ ጨርሰሽ ተዪው። ባለ መኪናው ራሱ እዚያ ተቀምጧል፣ እሱም የአባትሽ ታላቅ ነው። ምናልባት ሁለቱ ከሳቁበት ቆይተዋል፤ ግን አያትሽ መስማቷን እርግጠኛ ነሽ? ልጇ በ50 ዓመቱ ልደት ላይ ያጠፋው ጥፋት ሲነሳ መጀመሪያ ጊዜ የምትሰማ ከሆነ ሳቁ እዚያ ጋ ይቆማል። በጠቅላላው ለሌላ ሰው ኪሳራ የሆነ ነገር፣ የገንዘብ፣ የጤና፣ የመጠጥ፣ የሥራ ችግርና በእሱና በእናትሽ መካከል የሚቀር ነገር ለዚህ ንግግር አይሆንም።

የስልኩ ጩኸት ሰውን የሚያስቀው ድምፁን አስመስለሽ ስታሳዪ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ወንድሞችሽና እህቶችሽ መካከል አባትሽን ማስመሰል አንድ ነገር ነው፤ እናቱና ታላቅ ወንድሙ ፊት ቆመሽ ብታስመስዪው ግን የምታሾፊበት ይመስላል። በዚያ ላይ ጩኸቱ ወደ ምንም አይወስድሽም፤ ከሳቅሽ በኋላ ያለው ነገር ባዶ ነው። መንገድ አለመጠየቁ ጥሩ ቀልድ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የት ስትሄዱ ነበር፣ ማን አብሯችሁ ነበር፣ እንዴት ተመለሳችሁ የሚለውን ካልነገርሽ አይገባም። እሱ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል።

መብራቱን የምንመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቤታችሁ አንድ ምሽት ያሳለፈ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ማስረዳት አያስፈልግሽም፤ ገና አፍሽን ስትከፍቺ ነው የሚስቁት። አባትሽም ራሱ የሚደብቀው ነገር አይደለም። የቀልዱ ተጎጂዎች ደግሞ ጨለማ ውስጥ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያዢው፤ ታላላቆች በተሰበሰቡበት ልጅ ስለ አባቱ ሲቀልድ፣ የሚሸነፈው ልጁ ከሆነ ማንም ቅር አይለውም። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ጠባይ ሁለተኛ ፊት አለው፤ መብራት ሁሉ የሚያጠፋው ሰው አንዱን መብራት አያጠፋም። ደብዳቤሽ ውስጥ የበሩን መብራት እንደ ተራ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የጣልሽው። ንግግርሽ ግን የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ። ድርጊቱን ተናገሪ እንጂ ለድርጊቱ ስም አታውጪለት። «አባዬ ሲያልፍ መብራት ያጠፋል» ካልሽ ሁሉም ይስቃል። «አባዬ በጣም ቆጣቢ ስለሆነ ለመብራት መክፈል አይወድም» ካልሽ ግን ያው ነገር ስስት ወደ ማለት ይሄዳል፤ የእናትሽ ዘመዶችም እርስ በርስ ይተያያሉ። ለምን እንደሚያጠፋ አንቺ አታብራሪ።

የዕድሜ ቀልድም ይቅር፤ «አረጀህ»፣ «ሽበት»፣ «ጡረታ ደረሰ» የሚለው ሁሉ። አባትሽ ላይቀየም ይችላል። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ ከ50 አልፏል፣ አያትሽ ደግሞ ልጇ አርጅቷል ሲባል እየሰማች ነው። አንዱን ለማሳቅ ብለሽ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ታላቅ ሁሉ ትነኪያለሽ።

ከመጻፍሽ በፊት የምትወስኚው አንድ ነገር አለ፦ «አንተ» ነው ወይስ «አንቱ»? መልሱ ቤት ውስጥ የምትጠሪው ነው። ከደብዳቤሽ እንደምንረዳው «አንተ» ነው የምትዪው፤ እንግዲያው በዚያው ሂጂ። ሁልጊዜ «አንተ» የሚባል አባት ለአንድ ደቂቃ ብቻ «አንቱ» ሲባል ንግግሩ ከሌላ ሰው የተዋሰ ይመስላል። ቤታቸው «አንቱ» የሚባልባቸው አንባቢዎች ደግሞ ከታች ያለውን ጽሑፍ ሲወስዱ እያንዳንዱን ግስ ይቀይሩ፤ «ያጠፋል» የሚለው «ያጠፋሉ»፣ «ሞላህ» የሚለው «ሞላዎት» ይሁን። በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት መቀላቀል ነው፤ ተናጋሪው «አባታችን እንዲህ ናቸው» ብሎ ይጀምርና ስሜቱ ሲመጣ «አባዬ፣ እወድሃለሁ» ብሎ ይጨርሳል። አድማጩ ምን እንደጎረበጠው ባያውቅም ይጎረብጠዋል።

ንግግሩ ይህን ይመስላል። በራስሽ አነጋገር ለውጪው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኪው።

«በእኛ ቤት መብራት የሚጠፋው ሰው ሲወጣ አይደለም፤ አባዬ ሲያልፍ ነው። እያነበብን ያጠፋዋል፤ እየበላን ያጠፋዋል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ‹አባዬ፣ እዚህ ነን እኮ!› ስንለው ምን ይለናል? ‹ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?›

አንድ መብራት ግን አለ፤ የበሩ መብራት። ከልጆቹ አንዳችን ውጭ ካለን ያ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። አምሽቼ ስመጣ ከሩቅ አየዋለሁ። አባዬ ግን ‹ስጠብቅሽ ነበር› ብሎኝ አያውቅም። ልክ ስገባ መብራቱን ያጠፋዋል።

አባዬ፣ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞላህ። እስክንገባ ድረስ ነቅተህ የጠበቅከንን ሌሊት ሁሉ እናውቀዋለን። እባካችሁ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ። አባዬ፣ እንኳን ተወለድክልን!»

ይህ 76 ቃል ነው። ሳቁና ብርጭቆ ማንሳቱ ሲጨመርበት ደቂቃዋን ይሞላታል።

«ክቡራን ወገኖች፣ በመጀመሪያ እዚህ ስለተገኛችሁ…» የሚለው መግቢያ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። አሥር ሰከንድ ይወስዳል፤ አሥር ሰከንድ ደግሞ የንግግርሽ ስድስተኛ እጅ ነው። ማን እንደሆንሽ ሁሉም ያውቃል። እንግዶችን የማመስገኑ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጥ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በእኛ ቤት መብራት የሚጠፋው» ስትዪ ገና ከአሁኑ ፈገግ የሚል ታያለሽ፤ «አባዬ ሲያልፍ ነው» ስትዪ የመጀመሪያው ሳቅ ይመጣል።

«ምን ይለናል?» የሚለው ጥያቄ ከመልሱ በፊት የገባው በምክንያት ነው። እንደ ልማዳችን «‹ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?› ይለናል» ብለሽ ብትጨርሺው፣ ሰዉ ሊስቅ ሲል «ይለናል» የምትለዋ ቃል ትገባበታለች። ሳቁም ወይ ይቆረጣል ወይ ይሸፍናታል። የሚያስቀው ቃል የመጨረሻው ቃል ይሁን፤ ከእሱ በኋላ አፍሽን ዝጊ። «እውነቴን ነው!» ወይም «ታውቁታላችሁ አይደል?» የሚል ማሟያ አትጨምሪ።

ቀልዱ ፊት፣ አክብሮቱ ኋላ የሆነውም ለዚህ ነው፦ ሰው ይዞ የሚሄደው መጨረሻ የሰማውን ነው። አባትሽን አወድሰሽ ከጨረስሽ በኋላ ብትቀልጂ፣ ያወደስሽው ለቀልዱ መንደርደሪያ ይመስላል። በቀልድ ጀምረሽ ወደ ቁም ነገሩ ስትገቢ ግን ሰዉ ስቆ ልቡን ከፍቶልሻል። መዞሪያዋ «አንድ መብራት ግን አለ» የምትለዋ ናት። ሳቁ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቂና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ፍጥነትሽንም ቀንሰሽ ተናገሪያት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሳቁ መሃል ከተናገርሻት ግማሹ ሰው አይሰማትም፤ የቀረውም ንግግር ከየት እንደመጣ አይገባውም።

«ልክ ስገባ መብራቱን ያጠፋዋል» የምትለዋ ደግሞ ሁለተኛ ሳቅ ታመጣለች፤ ከመጀመሪያው ግን ለስለስ ያለ ነው። እሷን የጨመርነው ለአባትሽ ስንል ነው። ሲያመሰግኑት መግቢያ የሚጠፋው ሰው፣ ምስጋናው እየከበደ ሲመጣ መተንፈሻ ይፈልጋል። እዚያ ጋ ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ችሎ ይሰማል።

ለእንዲህ ዓይነት ሰው «ጀግና»፣ «ደግ»፣ «አርአያ»፣ «የቤታችን ምሰሶ» የሚሉ ቃላት አይሆኑም። ሰው ፊት «ደግ ነህ» የተባለ ቁም ነገረኛ ምን ይላል? «አይደለሁም» ማለት አይችል፣ «አዎ» ማለት አይችል፤ አንገቱን ይደፋል። «የበሩ መብራት ጠፍቶ አያውቅም» ብትይው ግን የሚያስተባብለው ነገር የለም። ያደረገውን ነው የነገርሽው። ደግነቱን አድማጩ ራሱ ያገኘዋል። በጽሑፍሽ ውስጥ እሱን የሚገልጽ ቅጽል ካገኘሽ ሰርዢና በቦታው አንድ ያደረገውን ነገር አስገቢ።

አያትሽን በተመለከተ፣ «እንኳን ተወለድክልን» ስትዪ ዓይንሽን ለአፍታ ወደ እሷ ብታዞሪ በቂ ነው፤ ልጇን የወለደችው እሷ ናትና ይገባታል። ጽሑፍሽ ላይ መጨመር ካማረሽም ከብርጭቆው በፊት ለእሷ የሚሆን አንድ አጭር ምስጋና ይሁን፤ «እንኳን ወለድሽልን» ወይም እንደ አጠራራችሁ «እንኳን ወለዱልን»። ለአንዷ አክስት፣ ለአንዱ አጎት ስም መጥራት ከጀመርሽ ግን ማቆሚያ የለውም፤ የተዘለለው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ወደ ልምምዱ እንሂድ። ጽሑፉን ስትጨርሺ ቀልዱን ብቻ ለእናትሽ አንብቢላት። «ይህን ሰው ፊት ብለው ቅር ይለዋል?» ብለሽ ጠይቂያት። ትንሽ ካመነታች ቀይሪው፤ አታስረጃት፣ አትሟገቻት። የበሩን መብራት ክፍል ግን አታንብቢላት፤ እሷም እዚያው ብትሰማው ይሻላል።

ከዚያ በስልክሽ ሰዓት እየያዝሽ፣ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ተለማመጂ። ሳቅ ይመጣል ባልሽበት ቦታ ላይ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። የሚያደናቅፍሽ ቃል ካለ ሁለተኛ ጊዜም እዚያው ላይ ያደናቅፍሻል፤ ያኔ ቃሉን ለውጪው እንጂ አትታገይው። ሙሉውን በቃልሽ መያዝ አያስፈልግም፤ በቃሉ የተያዘ ንግግር አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና ከ«አባዬ፣ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞላህ» ጀምሮ ያለውን ነው፤ እነዚህን ስትናገሪ ወረቀት ማየት የለብሽም። የቀረውን መዳፍ በምታህል ጠንካራ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየራሱ መስመር ጻፊው። ከስልክ ማንበቡን ተዪው፤ ሰዉ ሲስቅ ስትጠብቂ ስክሪኑ ይጠፋል፣ መሃል ላይም ጥሪ ሊገባ ይችላል።

በዕለቱ ከመናገርሽ በፊት የሁሉም ብርጭቆ መሞላቱን የሚያይ አንድ ሰው መድቢ፤ «ብርጭቋችሁን አንሱ» ስትዪ ግማሹ ሰው መጠጥ ፍለጋ ከተነሳ የመጨረሻው ቃልሽ በግርግር መሃል ይቀራል። የራስሽን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ወረቀቱን ያዢ። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዝሽ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ መጠጡም አብሮ ይንቀጠቀጣል። «አባዬ፣ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞላህ» ስትዪ ወረቀቱን አስቀምጠሽ ብርጭቆውን አንሺ። የምትቆሚው አባትሽንም አያትሽንም በአንድ ዓይን ማየት በምትችዪበት ቦታ ይሁን፤ አያትሽ ጆሮዋ ከደከመ ወደ እሷ ቀረብ በዪ።

ቀልዱን ስትናገሪ ሰዉን እያየሽ ተናገሪ። ስለ በሩ መብራት ስትናገሪም አባትሽ ላይ አታፍጪበት፤ እሱን የምታዪው «አባዬ» ብለሽ ስትጠሪው ብቻ ይሁን። ያ የአሥር ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም አሥር ሰከንድ ይችላል።

ካልሳቁስ? ይህ ጽሑፍ ሳቅ ባይመጣም የሚቆም ነው፤ ስለ አንድ ቤት ልማድ የሚያወራ ተራ ነገር ሆኖ ያልፋል። ትንፋሽ ወስደሽ ወደ «አንድ መብራት ግን አለ» ግቢ። ቀልዱን መድገምም ሆነ ማስረዳት ነገሩን ያባብሰዋል። እንባ ከመጣብሽ ደግሞ እንደዚያው ሆነሽ ለመናገር አትታገይ፤ ቁሚ፣ ወረቀቱን ተመልከቺ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ድምፅሽ ካልተመለሰ የመሃሉን ትተሽ «እባካችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ አባዬ፣ እንኳን ተወለድክልን» በዪ። ምን እንደዘለልሽ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከአንቺ ንግግር በኋላ ያለው ነው። ብርጭቆ እንደወረደ አንድ ሰው «አባትየውም ይናገር!» ማለቱ አይቀርም፤ አባትሽን በጣም የሚያስጨንቀውም ያ ይሆናል። ስለዚህ ከወንድሞችሽ ወይም ከእህቶችሽ አንዱን ቀድመሽ አናግሪ፤ «እንኳን ተወለድክልን» የሚለውን እንደሰማ ሻማውን ይዞ ይግባ፣ ወይም ሙዚቃውን ይክፈት። መናገር ከፈለገ ራሱ ይነሳል፤ ካልፈለገ ደግሞ ሻማውን ያጠፋል።